ሦስተኛው ሐሙስ መቼ ነው?

እናትዎ አንበሳሜ ይኖራሉ እንበል። የደም ግፊት መድኃኒት በየቀኑ አንድ ፍሬ ይወስዳሉ፤ ክትትላቸው ደብረ ታቦር ነው። እርስዎ አዲስ አበባ፣ ወንድምዎ ባሕር ዳር፣ እህትዎ ደግሞ ውጭ አገር ናችሁ። እናታችሁ ብቻቸውን መኪና ተሳፍረው እንዳይሄዱ በየወሩ አብሯቸው የሚውል ሰው ማዘጋጀት አለባችሁ። ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «በየወሩ ሦስተኛው ሐሙስ»።

ብዙ ሆስፒታሎች ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል ከሳምንቱ አንድ ቀን ይለያሉ። ታካሚው ሲበዛም አንዱን በመጀመሪያው፣ ሌላውን በሦስተኛው ሳምንት ይመድባሉ። ለሆስፒታሉ ቀላል ነው። ለቤተሰቡ ግን «ሦስተኛው ሐሙስ» ቀን አይደለም፤ ገና ያልተሠራ ሒሳብ ነው። ወንድምዎ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሲጠይቅ አለቃው «ስንት ቀን ነው?» ይለዋል እንጂ «ስንተኛው ሐሙስ ነው?» አይለውም። ስለዚህ የመጪውን የ2019 ዓ.ም. ቀኖች አሁን፣ ዓመቱ ሳይጀምር፣ ቁጭ ብለው ያውጧቸው። አንድ ወረቀትና አሥር ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ ለካርድ ክፍሉ ያቅርቡ፦ በየትኛው አቆጣጠር? አብዛኛው የአገራችን ቀጠሮ በእኛ ወር ነው የሚሰጠው፤ ሆኖም ሥራውን በፈረንጆች ካሌንደር የሚያቅድ ክፍልም ያጋጥማል። «በኢትዮጵያ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሰው ሳያስብ «በኢትዮጵያ» ሊል ይችላል። «የጥቅምቱ ስንት ቀን ነው?» ይበሉ። 19 ካሉዎት በእኛ ነው። 5 ካሉዎት በፈረንጅ ነው። ምክንያቱን ትንሽ ቆይተው ያዩታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ነው። ሠላሳ ማለት አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ በአንድ ወር 21ኛው ቀን ላይ የዋለ ሐሙስ በሚቀጥለው ወር 19ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። የወሩ ሦስተኛ ሐሙስ ደግሞ ከ15 በፊትም ከ21 በኋላም ሊውል አይችልም። እስከ 14 ድረስ ያሉት ሁለት ሳምንቶች ሁለት ሐሙስ ብቻ ይይዛሉ፤ ሦስተኛው የግድ በቀጣዮቹ ሰባት ቀኖች ውስጥ ነው። እንግዲህ ሕጉ ይኸው ነው፦ ከባለፈው ወር ቀን ላይ ሁለት ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ15 ካነሰ ሰባት ይጨምሩ።

መነሻውን ለማግኘት መስከረም 1 በምን ቀን እንደሚውል ማወቅ ያስፈልጋል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የ2019 ካሌንደር ካለዎት አይተው ይለፉት። ከሌለዎት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመናትን ያሻገሩት መንገድ አለ። በ2019 ላይ 5500 ይደምሩ፤ 7519 ይሆናል። ይህን ለአራት አካፍለው ቀሪውን ይተዉት፤ 1879 ነው። ሁለቱን ሲደምሩ 9398 ያገኛሉ። ለሰባት ሲያካፍሉት 4 ይተርፋል። አንድ ቢተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ፣ አራት ዓርብ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ባይተርፍ ሰኞ ነው። ስለዚህ የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ትውላለች። ለአራት ሲያካፍሉ የተዉት ቀሪ ደግሞ 3 ነበር፤ ይህ ዘመነ ሉቃስ መሆኑንና ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን ይነግርዎታል። ይህቺን ስድስተኛ ቀን አይርሷት፤ መጨረሻ ላይ ታስቸግረናለች።

መስከረም 1 ዓርብ ከሆነ የመጀመሪያው ሐሙስ መስከረም 7፣ ሁለተኛው 14፣ ሦስተኛው 21 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የታተመ ካሌንደር ላይ ጣቱን በሦስተኛው መስመር ላይ አድርጎ ሐሙስን የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው 14ን ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መስመር ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድን ብቻ ይዟል፤ ሐሙስ የለበትም። የሚቆጠሩት ሐሙሶቹ ናቸው እንጂ መስመሮቹ አይደሉም።

ከመስከረም 21 ተነሥተን ሁለት ሁለት እየቀነስን እንውረድ፦ ጥቅምት 19፣ ኅዳር 17፣ ታኅሣሥ 15። ጥር 13 ሊሆን ሲል ከ15 አነሰ፤ ሰባት ጨመርን፣ ጥር 20። የካቲት 18፣ መጋቢት 16። ሚያዝያ 14 ሊሆን ሲል እንደገና ሰባት፣ ሚያዝያ 21። ግንቦት 19፣ ሰኔ 17፣ ሐምሌ 15። ነሐሴ 13 ሊሆን ሲል ሰባት፣ ነሐሴ 20። በቃ፣ አለቀ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች ሦስተኛ ሐሙስ የላትም።

ይህ ለእርስዎ ይበቃዎታል። ለእናትዎ ግን ላይበቃ ይችላል። የደራ ወረዳ ሰው ሳምንቱን በደንብ ያውቃል፤ በዚያው ወረዳ ሐሙሲትና አርብ ገበያ የሚባሉ ከተሞች አሉ፣ ስማቸው ራሱ ቀን ነው። ሐሙስ መድረሱን ማንም ለእናትዎ ሊነግራቸው አያስፈልግም። የሚያስፈልጋቸው የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ነው። ስልክ ደውለው «እማዬ፣ ቀጠሮሽ ሦስተኛው ሐሙስ ነው» ቢሏቸው መልሳቸው «ከማርያም በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ሊሆን ይችላል። ጥያቄያቸው ከእኛ አቆጣጠር የተሻለ ነው። ወሩን በቅዱሳን ቀን ለሚቆጥር ሰው 15 ቂርቆስ፣ 21 ማርያም ነው። እንግዲህ «ሦስተኛው ሐሙስ» ማለት በየወሩ ከቂርቆስ ጀምሮ እስከ ማርያም ባሉት ቀኖች የሚውለው ሐሙስ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለት ሊሆን አይችልም። እንዲህ ከነገሯቸው ወረቀቱ ቢጠፋም ቀኑ አይጠፋባቸውም።

ለቤተሰቡ የሚላከውን ዝርዝር ሁሉም በየአቆጣጠሩ እንዲያነበው አድርገው ይጻፉት። ለምሳሌ እንዲህ፦

መስከረም 21 – ማርያም (ኦክቶበር 1፣ 2026)
ጥቅምት 19 – ገብርኤል (ኦክቶበር 29)
ኅዳር 17 – እስጢፋኖስ (ኖቬምበር 26)
ታኅሣሥ 15 – ቂርቆስ (ዲሴምበር 24)
ጥር 20 – የማርያም ዋዜማ (ጃንዋሪ 28፣ 2027)
የካቲት 18 – ማርያም ሦስት ቀን ሲቀራት (ፌብሩዋሪ 25)
መጋቢት 16 – ኪዳነ ምሕረት (ማርች 25)
ሚያዝያ 21 – ማርያም (ኤፕሪል 29)
ግንቦት 19 – ገብርኤል (ሜይ 27)
ሰኔ 17 – እስጢፋኖስ (ጁን 24)
ሐምሌ 15 – ቂርቆስ (ጁላይ 22)
ነሐሴ 20 – የማርያም ዋዜማ (ኦገስት 26)

ውጭ ያለችው እህትዎ ዝርዝሩን ስታይ መጀመሪያ የምታስበው ስልኳ ላይ ማስገባት ነው። የስልኩ ካሌንደር «Monthly on the third Thursday» የሚል ምርጫ አለው፤ አንድ ጊዜ ይነካል፣ ዓመቱን ሙሉ ያስታውሳል። ነገር ግን ስልኩ የሚቆጥረው የፈረንጆቹን ወር ነው። ለጥቅምት የሚያወጣው ኦክቶበር 15ን፣ ማለትም ጥቅምት 5ን ነው፤ ያ ለእኛ የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ነው። ካርድ ክፍሉ «5» ካለ በፈረንጅ ነው ያልነው ለዚህ ነው። የነሐሴውን ደግሞ ነሐሴ 13 ላይ ይጥለዋል፤ ያን ዕለት ደብረ ታቦር የራሷን በዓል፣ ቡሄን፣ እያከበረች ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲመረመር ስልኩ ከአሥራ ሁለቱ አንዱንም አያገኝም።

በየቤተሰቡ አንድ ብልጥ አይጠፋም፤ «ታዲያ አራተኛው ሐሙስ ብለን እንሙላው» ይላል። ዝርዝሩን ሲያዩት እውነት ይመስላል፤ አብዛኛው የእኛ ቀን ከፈረንጆቹ አራተኛ ሐሙስ ጋር ይገጥማል። እኔም በሥራዬ የዓመት የዝግጅት ካሌንደር ስለማወጣ እንዲህ ያለውን አቋራጭ እወደዋለሁ፤ ይኼን ግን አልወደውም። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ትክክል ሆኖ የመስከረሙን፣ የጥቅምቱንና የሚያዝያውን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጠራል። ሁልጊዜ የሚሳሳት ማስታወሻ ቶሎ ይነቃበታል። ዘጠኝ ጊዜ ልክ የሆነውን ግን ሁሉም ያምነዋል፤ የሚያዝያው ሲመጣ ወንድምዎ ፈቃድ ወስዶ፣ እናትዎን ይዞ፣ ደብረ ታቦር ደርሶ «ቀጠሯችሁ ሳምንት ነው» ይባላል። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ስልኩ ላይ ማስገባት ነው። የማይደጋገም ቀን አድርገው ያስገቡ፤ ለእያንዳንዱም ከሁለት ቀን በፊት የሚጮህ ማስታወሻ ያድርጉለት።

እስካሁን ያየነው ቀኑን ነው። ቀኑን ከያዝን በኋላ የሚመጣው ጉዳይ ግን ከዚህ ይበልጣል፦ በሁለት ሦስተኛ ሐሙሶች መካከል ስንት ቀን አለ? ብዙዎቻችን «አንድ ወር» እንላለን፤ 30 ቀን ማለታችን ነው። በፍጹም 30 ሆኖ አያውቅም። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ የሚቆጠረው በሰባት ነው፤ ስለዚህ ወይ 28 ነው ወይ 35። ወሩ አምስት ሐሙሶች ካሉት እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ አምስት ሳምንት ይሆናል። በ2019 ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሐምሌ አምስት አምስት ሐሙስ አላቸው። የታኅሣሡ አምስተኛ ሐሙስ ራሱ ገና ነው። ስለዚህ ከታኅሣሥ 15 እስከ ጥር 20፣ ከመጋቢት 16 እስከ ሚያዝያ 21፣ ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ 20 ያለው ጊዜ 35 ቀን ነው።

አሁን የእናትዎን የኪኒን ፓኮ ይክፈቱ። በውስጡ ስንት ፍሬ አለ? ብዙ መድኃኒት በአሥራ አራት አሥራ አራት ፍሬ ካርድ ይታሸጋል፤ ሁለት ካርድ ከተሰጣቸው 28 ነው። 28 ፍሬ ለአራት ሳምንት ልክ ነው፤ ለአምስት ሳምንቱ ግን ሰባት ቀን ይጎድላል። ታኅሣሥ 15 የተቀበሉት ጥር 13 ላይ ያልቃል፤ ቀጠሮው ደግሞ ጥር 20 ነው። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። እናትዎ ሳምንቱን ያለ መድኃኒት ቢያሳልፉ ምንም ላይሰማቸው ይችላል፤ ግፊቱ ግን በዚያው ልክ ሊወጣ ይችላል። የሚያስፈራውም አለመሰማቱ ነው።

ሠላሳ ፍሬ ከተሰጣቸው ሁኔታው ይለያል፤ እናስላው። መስከረም 21 ላይ 30 ተቀበሉ። እስከ ጥቅምት 19 ድረስ 28 ዋጡ፣ 2 ተረፈ። ኅዳር 17 ላይ ትርፉ 4፣ ታኅሣሥ 15 ላይ 6 ሆነ። ያን ቀን 30 ሲጨመርበት 36 ፍሬ ይዘው ወደ 35 ቀን ይገባሉ፤ ጥር 20 ሲደርስ አንድ ተርፏቸዋል። የካቲት 18 ላይ 3፣ መጋቢት 16 ላይ 5። ከዚያ እንደገና 35 ቀን፤ ሚያዝያ 21 ላይ ምንም አይተርፍም፣ ግን አይጎድልም። ግንቦት 19 ላይ 2፣ ሰኔ 17 ላይ 4፣ ሐምሌ 15 ላይ 6፣ ነሐሴ 20 ላይ 1።

ይህ ሒሳብ አንድ ነገር ያሳያል፦ በየወሩ የምትተርፈው ሁለት ፍሬ ትርፍ አይደለችም፤ የአምስት ሳምንቱ ስንቅ ናት። እናቶች ግን ደግ ናቸው። «ተርፎኛል» ብለው ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ ወይም የተረፈውን ያዩ ልጆች «ይህ አሮጌ ነው» ብለው ይጥሉታል። አሮጌው ፓኮ ቀድሞ እንዲያልቅ፣ አዲሱ ከሥር እንዲቀመጥ ያድርጉ። በየቀጠሮው ዕለት የቀረውን ፍሬ ቆጥረው ዝርዝሩ ጎን ይጻፉት። ቁጥሩ ከላይ ካሰላነው ከበዛ እናትዎ የዘለሏቸው ቀኖች አሉ ማለት ነው፤ ለሐኪሙ የሚነገር ነገር ነው። ካነሰ ደግሞ ፍሬው ጠፍቷል፣ ወይም በቀን ከታዘዘው በላይ እየተወሰደ ነው።

ሚያዝያ ላይ ልዩ ነገር አለ። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 21 ተራ ሐሙስ አይደለም፤ ጸሎተ ሐሙስ ነው። ያን ዕለት ሆስፒታሉ ክፍት ቢሆን እንኳ እናትዎን ከቤተ ክርስቲያን አውጥቶ ደብረ ታቦር የሚያደርሳቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቀጠሮው መዛወሩ አይቀርም፤ ጥያቄው ወዴት ነው የሚለው ነው። «ከበዓሉ በኋላ» ቢባል ቀጣዩ ሐሙስ ሚያዝያ 28 ነው። ከመጋቢት 16 እስከዚያ 42 ቀን ይሆናል፤ 5 ትርፍና 30 አዲስ፣ በድምሩ 35 ፍሬ ብቻ ይዘዋል፤ ሰባት ቀን ይጎድላል፤ የሚጎድለውም በፋሲካ ሰሞን፣ ጾሙ ተፈቶ ቅባቱና ጨው በሚበዛበት ጊዜ ነው። ወደ ሚያዝያ 14 ቢመጣ ግን 28 ቀን ነው፤ ሰባት ፍሬ ይተርፋል፤ ከዚያ እስከ ግንቦት 19 ያለውን 35 ቀን ይሸፍናል። ቀኑ የሚዛወር ከሆነ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ይዛወር። ይህን መጋቢት 16 ላይ፣ ካርዱ በእጃችሁ እያለ፣ መጠየቅ ይቻላል።

የሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ዝርዝሩን ለኢድ አል ፈጥርና ለኢድ አል አድሐ እንዲሁ ይመልከቱት። የጨረቃ መታየት ቀኑን ስለሚወስነው ግን በእርሳስ ይጻፉት።

የቀረችን ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን ናት። ነሐሴ አምስት ሐሙስ የለውም፤ እንደ ሌላው ወር ቢሆን ቀጣዩ ቀጠሮ በ28 ቀን ይመጣ ነበር። በመካከል ግን ጳጉሜን ገባች። የ2020 መስከረም 1 እሑድ ይውላል፤ የመጀመሪያው ሐሙስ 5፣ ሦስተኛው 19 ነው። ከነሐሴ 20 እስከ መስከረም 19 ሲቆጠር፦ ከነሐሴ 10 ቀን፣ ከጳጉሜን 6፣ ከመስከረም 19፤ 35። ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ 20ም 35 ነበር። ሁለት ረጅም ጊዜ ተከታትሎ መጣ፤ ትርፍ የሚጠራቀምበት ወር በመካከላቸው የለም። ነሐሴ 20 ላይ እናትዎ አንድ ትርፍና 30 አዲስ ይይዛሉ፤ 31 ፍሬ ለ35 ቀን። የመጨረሻዋ ፍሬ መስከረም 15 ላይ ታልቃለች፤ ከዚያ እስከ ቀጠሮው አራት ቀን ባዶ ነው፤ መስቀልም በዚያ መካከል ነው። ይህ የሚሆነው አንድም ቀን ሳይዘልሉ፣ አንድም ፍሬ ሳይጠፋ፣ አንድም ቀጠሮ ሳያመልጥ ነው።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲያጋጥመው ኪኒኑን ለሁለት ከፍሎ ያብቃቃል፤ ወይም አንድ ቀን እየዘለለ ይወስዳል። ሐኪም ሳያውቅ ይህ አይደረግም፤ ለሁለት መከፈል የሌለባቸው ኪኒኖችም አሉ። ነሐሴ 20 ላይ አብሯቸው የሚሄደው ሰው ለሐኪሙ «ቀጣዩ ቀጠሮ 35 ቀን ነው፣ እጃችን ላይ ያለው አንድ ፍሬ ነው» ይበል። ማዘዣው ላይ የሚጻፈው ቁጥር እዚያው ሊስተካከል ይችላል። መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ደግሞ ሳይወጡ ፍሬውን ይቁጠሩ፤ ማዘዣው 35 ብሎ ፓኮው 30 ሊሆን ይችላል።

በዚያው ዕለት የ2020ን ዝርዝር መጀመር ትችላላችሁ፦ መስከረም 19፣ ጥቅምት 17፣ ኅዳር 15፣ ታኅሣሥ 20።